የሥልጠና አቴንዳንስና የተሳታፊ ስልክ፦ ማን ይየው፣ መቼ ይጥፋ

ሥልጠና አዘጋጅቶ የጨረሰ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሊስቱን አሁን ምን ላርገው? ይቀመጥ ወይስ ይጣል? እከሌ ላክልኝ ብሎኛል፣ ልላክለት?» ለእያንዳንዱ በየግሉ ስመልስ ስለከረምኩ አንዴ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ልጻፈው፣ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው የምሰጠው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ምሳሌ ነው የምሄደው። ደሴ ላይ ሕዳር 12 እና 13፣ 2018 የሁለት ቀን የአነስተኛ ንግድ ሥልጠና አለ እንበል፣ ተሳታፊው 64 ሰው ነው፣ ከደሴ ከኮምቦልቻ ከኩታበርና ከተሁለደሬ የመጡ። የትራንስፖርት አበል ይከፈላቸዋል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣቸዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ «ሥራው እንዴት ሆነ» ተብሎ ይደወልላቸዋል። የእናንተ ፕሮግራም 20 ሰውም ይሁን 300 አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቁልፍ ያለው መሳቢያ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚያድር
- አንድ ክላሰር
- አንድ ደብተር (የትኛው ሊስት ማን ጋ እንዳለ የሚጻፍበት)
- የካርቶን ቁራጭ፣ መቀስና ማስመሪያ
- በድርጅቱ ስም የተከፈተ ኢሜይል፣ የማንም የግል ያልሆነ
- ፍላሽ
- ማስታወሻ የሚጮህበት ስልክ

1. አንዱን ሊስት አራት አድርጉት

በየቦታው የማየው አንድ ሰፊ ወረቀት ነው፦ ስም፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ ፊርማ። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ስልክ ብቻ የሚፈልገው ሰው የባንክ ሒሳቡንም ይዞ ይሄዳል፣ ፊርማ ብቻ የሚፈልገው ሪፖርት ጸሐፊ የ64 ሰው ስልክ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም አበል የተከፈለበት ወረቀት ለዓመታት መቀመጥ ስላለበት፣ ስልኩም ቀበሌውም ተለጥፎበት ለዓመታት አብሮ ይቀመጣል ማለት ነው።

ስለዚ ከመጀመሪያው ለዩት። የበር ሊስት ስምና ፊርማ ብቻ ይኖረዋል። የስልክ ሊስት ስም፣ ወረዳና ስልክ። የክፍያ ሊስት ስም፣ የብር መጠን፣ የሒሳብ ቁጥር ወይ ቴሌብር፣ ፊርማ። የሰርተፍኬት መዝገብ ስምና የሰርተፍኬት ቁጥር። አራት ወረቀት መሥራት ሥራ የሚያበዛ ይመስላል ግን ስሙን አንዴ ከጻፋችሁ ኮፒ ነው፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

2. የማያስፈልገውን ከመጀመሪያውም አትጠይቁ

ያልሰበሰባችሁትን ነገር መጠበቅም ማጥፋትም የለባችሁም። ሁለት ነገር ላይ አደራ እላለሁ።

አንደኛው ምግብ ነው። እኛ ወሎዎች አብረን ነው የምንኖረው፣ ሥልጠናው ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፣ ጾመኛም አለ፣ አዘጋጁ ደግሞ ምሳ እንዳይበላሽበት ብሎ ፎርሙ ላይ «የሙስሊም ሥጋ / የክርስቲያን ሥጋ / ጾም» የሚል ሳጥን ያስገባል። ሐሳቡ መልካም ነው ግን ሳታውቁት የ64 ሰው ሃይማኖት ከነስልኩ የተጻፈበት ሰነድ ሠራችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ (ቁጥር 1321/2016) ሃይማኖትን፣ ብሔርን፣ ጤናን ከሌላው መረጃ ለይቶ ጥብቅ ጥበቃ የሚሰጠው ያለ ነገር አይደለም፣ ስንት ነገር ባየ አገር የዚህ ዓይነት ዝርዝር ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ለምግብ ቤቱ የሚያስፈልገው ቁጥር ብቻ ነው። ጠዋት ሻይ ሰዓት ላይ ሦስት ዓይነት ኩፖን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ያንሳ፣ ስንት እንደተነሳ ቆጥራችሁ ለምግብ ቤቱ ደውሉ። አለቀ፣ ስም የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው መታወቂያ ነው። ሰውየው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ መታወቂያውን ማየት በቂ ነው፣ አይታችሁ ስሙ ጎን ምልክት አድርጉ። ቁጥሩን መጻፍ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የፋይዳን ካርድ ኮፒ አድርጎ ክላሰር ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ፎቶው ከስልካችሁ ወደ ጉግል ፎቶ ባክአፕ ሄዶ ስንት ዓመት ተቀምጦ ይገኛል።

3. በር ላይ የካርቶን መስኮት ተጠቀሙ

ሊስቱን በአዳራሹ ውስጥ «አዙሩት» ብሎ መልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቀጭ ያደርገዋል። አንዲት እህታችን ሥልጠና ጨርሳ በሄደች በሳምንቱ የማታውቀው ሰው በየማታው ይደውልላት ጀመር፣ ቁጥሯን ከየት እንዳገኘ ስትጠይቀው «ሥልጠና ላይ አብረን ነበርን» ነው ያላት። ቁጥሯን እስከመቀየር ደርሳለች፣ ደንበኞቿ የሚያውቁት ደግሞ እሱን ቁጥር ነበር።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የበር ሊስቱን በኤ4 ወረቀት አግድም አትሙት፣ የእያንዳንዱ ረድፍ ከፍታ 1.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ወርዱ ከወረቀቱ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ቁመቱ ደግሞ የወረቀቱ እጥፍ የሆነ ካርቶን ወስዳችሁ መሃሉ ላይ ከፍታው 1.2 ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቁረጡ። ካርቶኑን ወረቀቱ ላይ ስታስቀምጡት የሚታየው የአንድ ሰው ረድፍ ብቻ ነው፣ ሰውየው ይፈርማል፣ መዝጋቢዋ ካርቶኑን ወደ ቀጣዩ ትገፋዋለች። ወረቀቱ ከጠረጴዛው አይነሳም። 64 ሰው በዚህ ስናስፈርም ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው የፈጀብን፣ ሁለት ጠረጴዛ ካደረጋችሁት ደግሞ ሰልፍም የለም። ለክፍያ ሊስቱም ያንኑ ካርቶን ተጠቀሙ፣ ማን ስንት እንደተከፈለውና ሒሳብ ቁጥሩ የጎረቤቱ ጉዳይ አይደለም።

መክፈቻ ላይ ደግሞ ይሄን አንብቡላቸው፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም፦

«የፈረማችሁበት ወረቀት መገኘታችሁን ለማረጋገጥ ነው፣ የካቲት 13 ይወገዳል። ስልካችሁን የሚያየው ክትትል የሚሠራው ባልደረባችን ብቻ ነው፣ የሚደወልላችሁም አንዴ ነው፣ እሱም የካቲት 13 ይጠፋል። የክፍያ ፊርማችሁ ሒሳብ ክፍል ይቀመጣል። ስልኩን መስጠት የማይፈልግ ካለ ሰርተፍኬቱንም አበሉንም አይከለከልም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘልሏት፣ ካልተባለ ሰው ስልክ የሚሰጠው ፈልጎ ሳይሆን አበል እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው።

4. ጉግል ፎርም ከሆነ የምትመዘግቡት

እዚህ ጋ ሊስት የሚያፈስ ሦስት ቀዳዳ አለ፣ ሦስቱንም በየጊዜው አያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው `View results summary` የሚለው ነው፣ ከፎርሙ `Settings` ውስጥ `Presentation` ስር ታገኙታላችሁ። ከበራ ፎርሙን የሞላ ማንም ሰው የሌሎቹን መልስ ማየት ይችላል። ፎርሙን ከመልቀቃችሁ በፊት ጠፍቶ እንደሆነ እዩ፣ ከዛ በሌላ ሰው ስልክ ራሳችሁ አንዴ ሞልታችሁ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚያሳይ ሞክሩ።

ሁለተኛው መልሱ የሚገባበት ሺት ነው። `Share` ስትነኩ `General access` የሚለው ቦታ `Restricted` ማለት አለበት። `Anyone with the link` ካለ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል፣ ሊንክ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ሲደረግ ማን ጋ እንደደረሰ አታውቁም። ለሰዎቹ በኢሜይላቸው ለይታችሁ ስጡ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የስልኩን ኮለም ደብቄዋለሁ (ሃይድ አርጌዋለሁ) ብሎ ሺቱን የሚልክ አለ። መደበቅ ማጥፋት አይደለም፣ የደረሰው ሰው ኮፒ አርጎ ይገልጠዋል። ኮለሙን ብታጠፉትም ኤዲት ማድረግ የሚችል ሰው ከቨርዥን ሂስትሪ መልሶ ያየዋል። ስለዚ ለሌላ ሰው የምትሰጡት ካለ አዲስ ባዶ ፋይል ክፈቱና የሚያስፈልገውን ኮለም ብቻ ለጥፉበት።

5. ኮምፒውተር ቤትና ቴሌግራም

ቢሮ ፕሪንተር የሌለው ሰው ሊስቱን የሚያሳትመው ኮምፒውተር ቤት ነው። ልጁ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል፣ ትልካላችሁ፣ ያትማል፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ፋይሉ ግን እዛው ቀረ፣ ቻቱ ላይም አለ፣ ኮምፒውተሩ ዳውንሎድ ውስጥም አለ፣ በቀን ስንት ሰው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው። በፒዲኤፍ አርጋችሁ በፍላሽ ውሰዱት፣ ከፍላሹ ላይ እንደተከፈተ ይታተም፣ ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ እንዳይደረግ ቆማችሁ እዩ። የተበላሸውን ወረቀት አብራችሁ ይዛችሁ ውጡ። ቴሌግራም ግዴታ ከሆነ ከወጣ በኋላ ለሁለታችሁም በሚጠፋው መንገድ አጥፉትና ከኮምፒውተሩ ላይም እንዲያጠፋላችሁ ጠይቁት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር። ልጆቹ አይቀየሙም፣ በደንብ ከጠየቃችኋቸው ይተባበራሉ።

ለተሳታፊዎቹ መልእክት ለመላክ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም አባል ሁሉንም ያያል፣ ቻናል ላይ ግን ተመዝጋቢዎቹን የሚያየው አድሚኑ ብቻ ነው። ዋትስአፕ ግሩፕ ከሆነማ ስልክ ቁጥሩ ራሱ ለሁሉም ይታያል።

6. ማን ይየው

በእኛ ምሳሌ ሦስት ሰው ነው ያለው። መዝጋቢዋ የበር ሊስቱን ታያለች፣ ሒሳብ ሠራተኛው የክፍያውን፣ ክትትል የሚሠራው የስልኩንና የሰርተፍኬቱን። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ራሱ የስልክ ሊስት አያስፈልገውም፣ ደውሎ አያውቅማ። ደብተሩ ላይ ማን የትኛውን እንደያዘ ከነቀኑ ጻፉ፣ ኮፒ ከወጣ ኮፒውም ይጻፍ፣ በኋላ የምታጠፉት ደብተሩ ላይ ያለውን ስለሆነ ያልተጻፈ ኮፒ ሳይጠፋ ይቀራል።

ከውጭ የሚጠይቁት ደግሞ አሉ፣ ጥያቄውም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ለጋሹ «64 ሰው መሠልጠኑን አሳዩን» ካለ ድምሩን ስጡት፦ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ፣ ከየትኛው ወረዳ። ፊርማውን ማየት ከፈለገ ቢሮ መጥቶ ክላሰሩን ይየው፣ ፎቶ ሳያነሳ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ድምርም ሰው ያጋልጣል። ሪፖርቱ ላይ «ኩታበር፣ ሴት፣ አካል ጉዳተኛ፦ 1» ብላችሁ ብትጽፉ ስሟን ባትጽፉትም የአካባቢዋ ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል። ቁጥሩ ከ5 በታች ከሆነ ወረዳዎቹን ቀላቅሉት ወይ አካል ጉዳተኞችን በጠቅላላው ብቻ አስቀምጡ።

ስፖንሰር ያደረገ ድርጅት «ስልካቸውን ስጡን፣ አገልግሎታችንን እናስተዋውቅላቸው» ይላል። ሰዎቹ ስልካቸውን የሰጡት ለክትትል እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም። እምቢ ማለት ከከበዳችሁ እንዲህ በሉ፦ «ጽሑፋችሁን ስጡን፣ በቻናላችን እናደርሳለን፣ የፈለገ ራሱ ይደውልላችኋል»። እኔ እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ በቃል አይሰጥም። በደብዳቤ ይምጣ፣ ለምን እንደተፈለገና በየትኛው ሥልጣን እንደሆነ ይጻፍበት፣ ደብዳቤው ክላሰር ውስጥ ይግባ፣ የተሰጠውም የተጠየቀው ኮለም ብቻ ይሁን። ፖሊስ ከሆነ ሕጋዊ ትእዛዙን አይታችሁ ኮፒውን ያዙ። ያመጣውን ሰው በአክብሮት አስተናግዱት፣ «ጋሼ፣ ሥርዓታችን እንዲህ ስለሆነ ነው» ማለት ይበቃል።

አሠልጣኙም «ለማስታወሻ» ብሎ ሊስት ይጠይቃል፣ ስም ብቻ በቂው ነው፣ እሱም ለሁለቱ ቀን።

7. የሚጠፋበትን ቀን ሥልጠናው ሳይጀመር ወስኑ

በኋላ እንወስናለን ያለ ሰው አያጠፋም፣ ክላሰሩ አቧራ ለብሶ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲዛወር ይኖራል። አዋጁ የቀን ቁጥር ቆርጦ ባያስቀምጥላችሁም የተሰበሰበበት ዓላማ ካለቀ በኋላ እንዳታቆዩት ነው የሚለው፣ ስለዚ ቀኑን የምታወጡት ከሥራው ነው።

የኛን እንየው። ሥልጠናው ሕዳር 13 ያልቃል። ክትትሉ የሚደወለው ከሁለት ወር በኋላ ጥር 13 ነው፣ ያልተነሳ ስልክ ደግሞ መደወልና ሪፖርቱን ማስረከብ ሌላ አንድ ወር ይፈጃል። ድምሩ 90 ቀን። በኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ 90 ቀን ማለት ድፍን ሦስት ወር ነው፣ የካቲት 13። የስልኩ ሊስትና የበር ሊስቱ በዛ ቀን ይጠፋሉ። የስልካችሁ ካላንደር በፈረንጅ ከሆነ ፌብሩዋሪ 20፣ 2026 ላይ ማስታወሻ ሙሉ፣ ሁለት ሰው ስልክ ላይ ይሁን፣ አንዱ ሥራ ቢለቅ ሌላው እንዲያስታውስ።

የክፍያ ሊስቱ በሒሳብና በታክስ ሕግ ነው የሚሄደው፣ ለዓመታት ይቀመጣል፣ እሱን እናንተ አትነኩትም፣ ግን የሚቀመጠው ሒሳብ ክፍል ብቻ ነው፣ የፕሮጀክት ክላሰር ውስጥ ኮፒ አይኖርም። የሰርተፍኬት መዝገቡን እኔ 3 ዓመት ነው የማቆየው፣ ሰው ሰርተፍኬቱ ጠፍቶት ሊመጣ ስለሚችል፣ ስምና ቁጥር ብቻ ስለሆነም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስም የሌለው ድምር ለዘለዓለም ቢቀመጥ ችግር የለውም።

8. ስታጠፉ በደንብ አጥፉ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቆሎ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው አቴንዳንስ ነበር። አስራ አንድ ስም፣ ከነስልኩ፣ ከነቀበሌው፣ ከነፊርማው። ከስሞቹ አንዷን አውቃታለሁ። ከሆነ ቢሮ በኪሎ የተሸጠ ወረቀት ነው፣ የሸጠው ሰውዬ ምን እንደሆነም አላየውም። ለሁለት ቀዶ ቅርጫት ውስጥ መጣልም ያው ነው፣ ገጥሞ ያነበዋል።

ማሽን ካላችሁ ቆራርጡት። ከሌለ አቃጥሉት፣ ግን እንደ ጥቅል አትክተቱት፣ ዳር ዳሩ ይጠቁርና መሃሉ እንዳለ ይቀራል። አንድ አንድ ወረቀት እየነጠላችሁ ቆርቆሮ ውስጥ አቃጥሉ፣ አመዱን በእንጨት አማስሉት፣ ፊደል የሚነበብበት ቁራጭ ካያችሁ ድገሙት። ማቃጠል የማይቻልበት ግቢ ከሆነ ቀዳድዳችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እንደ ሊጥ እሹት።

የኮምፒውተሩን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ፎርሙ ላይ `Responses` ግቡና `Delete all responses`።
2. ሺቱን ለብቻው አጥፉ። ፎርሙን ማጥፋት ሺቱን አያጠፋም፣ ሺቱን ማጥፋትም ፎርሙን አያጠፋም፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።
3. የድራይቩን `Trash` ባዶ አድርጉ፣ ካልነካችሁት ፋይሉ 30 ቀን እዛ ይቆያል።
4. ኢሜይል ላይ የተላኩት ውስጥ አያይዛችሁ የላካችሁትን ፈልጉ።
5. ላፕቶፑ ዳውንሎድ፣ ፍላሹ፣ የሦስቱም ሰው ስልክ ጋለሪ፣ የጋለሪው ትራሽም።

ሲያልቅ ሁለት ሰው ሆናችሁ ደብተሩ ላይ «የ64 ተሳታፊ የስልክ ሊስትና የበር ሊስት፣ ወረቀቱም ፋይሉም፣ የካቲት 13 ተወግዷል» ብላችሁ ፈርሙ። ስሞቹን አትድገሙ። ቆይቶ ኦዲተር «የት አለ» ሲል ይሄ ገጽ ነው መልሳችሁ፣ እሱ ገጽ ከሌለ ደብቃችሁታል ነው የሚመስለው።

ማስጠንቀቂያ፣ ሊስቱ ከወጣባችሁ

አቴንዳንሱን ፎቶ አንስቶ «ሥልጠናው በድምቀት ተጠናቀቀ» ብሎ ፖስት የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ፖስቱን አጥፉ፣ ሊንክ ከሆነ `Restricted` አርጉት፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፣ ቀድሞ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ አለ። በዛው ቀን ለተሳታፊዎቹ ንገሩ፣ ምን እንደወጣ ለይታችሁ፦ ስም ብቻ ነው ወይስ ስልክም ነው ወይስ ሒሳብ ቁጥርም። ስልክ ከሆነ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ቢደውል የኛ ሰው እንዳልሆነ አስጠንቅቋቸው፣ አጭበርባሪ ስማችሁንና የወሰዳችሁትን ሥልጠና ጠርቶ ሲያወራ ሰው ቶሎ ያምናል። አብሽሩ፣ አትሸማቀቁ፣ ሰው የሚቀየመው ከሌላ ሲሰማው ነው።

ሌሎች የማያቸው ስህተቶች

የአምናውን ሊስት አውጥቶ ለዘንድሮው ሥልጠና መጥራት። እንዲህ ማድረግ ከፈለጋችሁ «ለወደፊት ሥልጠና እንድትጠሩኝ ፈቅጃለሁ» የሚል ለብቻው ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ይኑር፣ ቀድሞ ያልተሞላ፣ ምልክት ያደረጉት ብቻ ወደ አዲስ ሊስት ይተላለፉ፣ ያም ሊስት በዓመቱ የራሱ ማጥፊያ ቀን ይኑረው።

በግል ጂሜይል መመዝገብ። ልጁ ሥራ ሲለቅ 64ቱም ሰው አብሮት ይሄዳል፣ ጠይቃችሁም አታስመልሱትም።

ከጠፋ በኋላ ሰው መጥቶ «ስልኬ እናንተ ጋ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «መሰለኝ የለም» ማለት። ደብተሩን ክፈቱና የካቲት 13ን ገጽ አሳዩት።